በጉ ደርሶ ገንዘቡ ሲመለስ፦ ለካርድ ክፍያ ቅሬታ መልስ የሚሰጠው እንዴት ነው?

በበዓል ሰሞን በውጭ ሀገራት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ከፍለው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ ቤተሰቦቻቸው በግ፣ ቅቤ ወይም ኬክ ያስልካሉ። በዚህ ግብይት ከፋዩ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ ነው። ዕቃው በእርግጥ ደርሶ ሳለ ከፋዩ «አልደረሰልኝም» ብሎ ለባንኩ ሊያመለክት የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ጥያቄ በባንኮች ዘንድ ቻርጅባክ ይባላል።

ቅሬታው ሲቀርብ ካርዱን የሰጠው ባንክ ገንዘቡን ከሻጩ ባንክ በኩል ያስመልሳል። ሻጩም ምክንያቱን የሚገልጽ መለያ ቁጥርና የመልስ መስጫ ቀነ ገደብ የያዘ ማስታወቂያ ይደርሰዋል። በቀነ ገደቡ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የምክንያቱ መለያ ነው። በቪዛ አሠራር 13.1 ማለት ዕቃው ወይም አገልግሎቱ አልደረሰም ማለት ሲሆን፣ ለዚህ የርክክብ ማስረጃ ተገቢ መልስ ነው። 10.4 ግን ካርዱን የተጠቀመው ባለቤቱ አይደለም የሚል ክስ ነው። በጉ ለሦስተኛ ወገን መድረሱ ካርዱን ባለቤቱ መጠቀሙን ስለማያሳይ፣ የርክክብ ፊርማ ብቻውን ለዚህ ክስ አይበቃም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ በውጭ የምትኖር ደንበኛ ለገና በዓል ሱሉልታ ለምትኖር እናቷ በግ አዘዘች እንበል። ሻጩ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በጉን አስረከበ፤ እናትየዋም ፈረሙ። ከሳምንታት በኋላ በ13.1 ቅሬታ ቀረበ።

የሻጩ መልስ ሦስት ነገሮችን ማያያዝ አለበት። የመጀመሪያው ትእዛዙ ነው፤ ከፋይዋ ራሷ የእናቷን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሞላችበት ቅጽ ተቀባይዋ በእርሷ የተመረጡ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛው ርክክቡ ነው፤ የተቀባይዋ ሙሉ ስምና ፊርማ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ በበሩ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍና የቦታው የካርታ ምልክት ይካተታሉ። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር የካርታው ምልክት የአድራሻን ጉድለት ይሞላል። ሦስተኛው የአገልግሎቱ ውል ነው፤ ከፋይዋ ከመክፈሏ በፊት ውሉን አይታ መስማማቷ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር የተመዘገበበት ገጽ ይቀርባል። ከክፍያ በኋላ በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈ ውል ግን ከመክፈሏ በፊት ማወቋን አያስረዳም።

ውሉ የርክክቡን ጉዳይ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። «ለተመዘገበው ተቀባይ ሲደርስ እንደተረከቡ ይቆጠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው ግን ዕቃው መድረሱን ስለማያስረዳ ለ13.1 መልስ አይሆንም።

መልካም ማስረጃ በቀላሉ የሚበላሸው በዘመን አቆጣጠር ነው። የርክክብ ወረቀቱ «28/4/2017» ተብሎ ቢሞላ፣ ውጭ ያለው መርማሪ ኤፕሪል 28 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ይህም ከትእዛዙ ከሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ የተደረገ ርክክብ ይመስላል። ሰዓቱም «4:00» ተብሎ ከተጻፈ ሌሊት ይመስላል። ስለዚህ ዋናው ወረቀት ሳይነካ፣ ከጎኑ በሚያያዘው ማብራሪያ ላይ በጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ተብሎ በእንግሊዝኛ መገለጽ አለበት። በዋናው ወረቀት ላይ ሰርዞ ማረም ግን ማስረጃውን ያስጠረጥራል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው የተቀባይ ስምም በትእዛዙ ላይ ካለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጋር መመሳሰሉ ሊብራራ ይገባል።

ማብራሪያው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የትእዛዙ፣ የክፍያውና የርክክቡ ቀናት በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ በእያንዳንዱ ሥርም የሚደግፈው ማስረጃ ይጠቀሳል። ሰነዱ የሚላከው በሻጩ ባንክ ወይም በክፍያ አስተላላፊው በኩል ነው። እነርሱም ሰነዱን አይተው የሚያስተላልፉበት ጊዜ ስለሚፈልጉ፣ ለሻጩ የሚሰጡት ቀን ከካርድ ድርጅቱ ቀነ ገደብ ያነሰ ነው።

ክርክሩ ሳይዘጋ ለደንበኛዋ በሐዋላ ገንዘብ መመለስ አደገኛ ነው፤ ባንኩም ገንዘቡን ስለሚወስድ ሻጩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በሌላ በኩል በጉ በእርግጥ ከበዓሉ በኋላ ደርሶ ከሆነና ውሉ «ለበዓሉ ይደርሳል» የሚል ከሆነ፣ ፊርማው ራሱ መዘግየቱን ይመሰክራል። እንዲህ ሲሆን ቅሬታውን መቀበል ይሻላል፤ ክርክሩ እስከ ካርድ ድርጅቱ ዳኝነት ቢደርስ የተሸናፊው ወጪ ከበጉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና።