የአርማታ ብረት ቴክኒካዊ መግለጫ

የአርማታ ብረት ቴክኒካዊ መግለጫ (ስፔሲፊኬሽን) ለኮንክሪት ሥራ የሚገዛ ፌሮ ማሟላት ያለበትን የሚደነግግ የውል ክፍል ነው። «ብረቱ ጥራቱን የጠበቀ ይሁን» የሚል አንቀጽ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ተቆጣጣሪው ጭነቱን ሲመልስ የሚጠቅሰው ቁጥር የለውም።

ለምሳሌ በአዊ ዞን አዲስ ቅዳም ለሚሠራ ሕንፃ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ቢታዘዝ፣ አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከየጭነቱ ባለ 1 ሜትር 3 ናሙናዎች ይመዘናሉ፤ የአንዱም ክብደት ከ0.888 ኪሎግራም ከ6 በመቶ በላይ ከተለየ ጭነቱ ይመለሳል።» ስለዚህ ዝቅተኛው ወሰን 835 ግራም ገደማ ነው። «12» ተብሎ የቀረበ ብረት በእውነቱ 11 ሚሊሜትር ከሆነ 750 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ከመስቀለኛ ስፋቱም 16 በመቶ ጎድሏል። ብረቱ ጥርስ ስላለው በካሊፐር መለካት ያሳስታል፤ ሚዛን ይሻላል። ናሙናው ግን በትክክል መቆረጥ አለበት፤ 1 ሴንቲሜትር ሲያጥር ክብደቱ 1 በመቶ ይቀንሳል።

ክብደት ጥንካሬን አይናገርም። በመሆኑም ሌላ አንቀጽ ያስፈልጋል፦ «ብረቱ በላቦራቶሪ ተስቦ ሲፈተን ቢያንስ እስከ 500 ሜጋፓስካል ሳይለጠጥ መቋቋሙ ይረጋገጣል፤ ውጤቱ ሳይደርስ ኮንክሪት አይሞላም።» እዚህ ላይ «ሳይለጠጥ» ማለት ጭነቱ ሲነሳ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ማለት ነው።