ከፒዲኤፍ ሰነድ የተገለበጠ ሠንጠረዥን ስለ ማስተካከል

ከፒዲኤፍ ሰነድ ወደ ኤክሴል የተገለበጠ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሁለት ጉድለቶችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው በየገጹ አናት የታተመው የዓምድ ርዕስ በመረጃው መካከል እየተደጋገመ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው በአንድ ሴል ውስጥ በሁለት መስመር የተጻፈ ስም ለሁለት ረድፎች መከፈሉ ነው። የጉድለቱ ምክንያት የፒዲኤፍ ሰነድ በአብዛኛው የሚይዘው ጽሑፉ በገጹ ላይ ያረፈበትን ቦታ እንጂ የሴሎቹን ወሰን ባለመሆኑ ነው።

ለማሳያ ያህል ባለ 3 ገጽ የመማሪያ መጻሕፍት ማከፋፈያ ዝርዝር እንውሰድ። ዝርዝሩ 62 ትምህርት ቤቶችን የያዘ ሲሆን፣ ዓምዶቹ ተራ ቁጥር (A)፣ የትምህርት ቤቱ ስም (B)፣ ወረዳ (C) እና የመጽሐፍ ብዛት (D) ናቸው። ሲገለበጥ 78 ረድፎች ሆኗል፦ 62 ዋና ረድፎች፣ 9 የስም ተከታይ መስመሮች፣ በ3 ገጾች የተደጋገመ ባለ ሁለት መስመር ርዕስ 6 ረድፎች እና 1 የድምር ረድፍ።

1. ዝግጅት። የተገለበጠው ሠንጠረዥ ቅጂ በሌላ ገጽ ይቀመጥ። በፒዲኤፉ ላይ ያለው የመጨረሻ ተራ ቁጥርና ጠቅላላ ድምር በማስታወሻ ከተያዘ በኋላ የድምሩ ረድፍ ይሰረዝ። ይህ ረድፍ ተራ ቁጥር ስለሌለው፣ ካልተሰረዘ «ድምር» የሚለው ቃል በመጨረሻው ትምህርት ቤት ስም ላይ ይቀጠላል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ Sort መጠቀም አይገባም፤ ተከታዮቹ መስመሮች ከባለቤታቸው ይለያያሉና።

2. ርዕሶችን ማስወገድ። በረድፍ 1 ሙሉው ርዕስ በእጅ ይጻፍ። ከዚያም በዓምድ D ላይ በ Filter «የመጽሐፍ» እና «ብዛት» የሚሉት ብቻ ተመርጠው የሚታዩት ረድፎች ይሰረዙ። ሁለቱም ቃላት መመረጣቸው አስፈላጊ ነው። የርዕሱ ሁለተኛ መስመር ከቀረ፣ ተራ ቁጥር ስለሌለው የቀደመው ገጽ የመጨረሻ ትምህርት ቤት ስም ቅጣይ መስሎ ይታያል። በምሳሌው 5 ረድፎች ተሰርዘው 72 ይቀራሉ። ርዕሶች ከመጋጠሙ በፊት የሚወገዱትም በገጽ መጨረሻ የተቆረጠ ስም ቀሪው በሚቀጥለው ገጽ ከርዕሱ በታች ስለሚገኝ ነው።

3. የተከፈሉ ስሞችን ማጋጠም። Filter ከተነሣ በኋላ የሚከተለው ቀመር በ E2 ተጽፎ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይወርዳል።

```
=TRIM(IF(TRIM(A3)="",B2&" "&E3,B2))
```

ቀመሩ በሚቀጥለው ረድፍ ተራ ቁጥር ከሌለ ያንን መስመር ከላይኛው ጋር ያጋጥማል፤ ባለ ሦስት መስመር ስምንም እንዲሁ። ለምሳሌ በተራ ቁጥር 24 «ድል በር የመጀመሪያ ደረጃ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ትምህርት ቤት» ካለ፣ E ላይ ሙሉው ስም ይወጣል። ዓምድ E ከተቀዳ በኋላ በራሱ ላይ በ Paste Special ውስጥ Values ተመርጦ ይለጠፍ።

4. ትርፍ ረድፎችን መሰረዝ። በዓምድ A ላይ Blanks ተመርጦ የሚታዩት ረድፎች C እና D ባዶ መሆናቸው ይታይ። የወረዳ ስም ወይም ቁጥር የተቆረጠበት ረድፍ ካለ አስቀድሞ በእጅ ይስተካከል፤ አለበለዚያ መረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ 9ኙ ረድፎች ተሰርዘው E በ B ቦታ ይተካል። ከርዕሱ ጋር 63 ረድፎች ይቀራሉ።

5. ማረጋገጥ።

```
=COUNT(A2:A63)
=SUM(D2:D63)
```

የመጀመሪያው ውጤት 62፣ ሁለተኛው በማስታወሻ ከተያዘው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ድምሩ ካነሰ አንዳንድ ቁጥሮች እንደ ጽሑፍ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል፤ SUM እነዚህን ይዘላል። ሆኖም ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሆነው ስም ሊሳሳት ስለሚችል፣ የተጋጠሙት 9 ስሞች ከፒዲኤፉ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። በተለይ አንድ ቃል መሃሉ ላይ ተቆርጦ ወደ ቀጣይ መስመር ያለፈ ከሆነ፣ ቀመሩ በፊደላቱ መካከል ክፍት ቦታ ያስገባል።

ዘዴው የማይሠራበት ሁኔታ። በአንዳንድ ሰነዶች ተራ ቁጥሩ በሴሉ ቁመት መሃል ስለሚቀመጥ የስሙ የመጀመሪያ መስመር ከቁጥሩ በላይ ይወድቃል። የዚህ ምልክቱ ከረድፍ 1 ርዕስ ቀጥሎ ተራ ቁጥር የሌለው ረድፍ መምጣቱ ነው። በዚህ ጊዜ ቀመሩ ስሙን ለቀደመው ትምህርት ቤት ስለሚሰጥ፣ መጽሐፉ ወደማይገባው ትምህርት ቤት ሊላክ ይችላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ፒዲኤፉ እየታየ በእጅ ይጋጠም።