የትውልድ ፕላኔቶችና የግል ፕላኔቶች፦ የአንድ ልዩነት ታሪክ



በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ የኮከብ ቆጠራን ደንብ በመጽሐፍ ሲያደራጅ፣ የሚያውቃቸው የሰማይ ተጓዦች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ናቸው። ከሁሉም ዘገምተኛ የሆነው ሳተርን እንኳ ዙሩን በ29 ዓመት ተኩል ስለሚፈጽም፣ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ቦታው ሲመለስ ሊያይ ይችላል። ሥርዓቱ በሰው ዕድሜ ልክ የተሰፋ ነበር ማለት ነው።

ይህን ልክ ያፈረሱት ሦስት ግኝቶች ናቸው። ዊልያም ኸርሼል በ1781 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዩራኑስን አገኘ። በ1846 ዮሐን ጋሌ የለቬሪየን ስሌት ተከትሎ በርሊን ላይ ኔፕቱንን አየ። በ1930 ደግሞ ክላይድ ቶምቦ በአሪዞና ፕሉቶን ለየ። (በዚህ ንግግር ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ዩራኑስ ዙሩን በ84፣ ኔፕቱን በ165፣ ፕሉቶ በ248 ዓመት ይፈጽማሉ። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ማኅደረ ከዋክብት በአንዱ ውስጥ ዩራኑስ 7፣ ኔፕቱን 14 ዓመት ያህል ይቆያል። የፕሉቶ ምሕዋር ሞላላ በመሆኑ ቆይታው ከ12 እስከ 30 ዓመት ገደማ ይለያያል።

ከዚህም አንድ ችግር ተወለደ። ኔፕቱን ያረፈበት ኮከብ የሰውን ጠባይ የሚናገር ከሆነ፣ በ14 ዓመት ውስጥ የተወለደ ሁሉ አንድ ጠባይ ሊኖረው ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም ዴን ሩድያር በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ኮከብ ቆጠራን ከሥነ ልቡና ጋር ካቆራኘ ወዲህ፣ የተለመደው መልስ ይህ ሆነ፦ ሦስቱ ውጫዊ ፕላኔቶች ያረፉበት ኮከብ የትውልድ ነው፤ የግለሰብ የሚሆኑት ግን ፈጣን የሆነ ነጥብ ሲነኩ ብቻ ነው። ፈጣኖቹ ነጥቦች ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ በልደት ሰዓት ከምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ነጥብና የሰማዩ አናት ናቸው።

ደንቡን በምሳሌ እንመልከተው። በ1965 እና በ1966 ዩራኑስና ፕሉቶ፣ በአገራችን አውደ ነገሥት ሰንቡላ በሚባለው ኮከብ፣ በ17 ዲግሪ አካባቢ ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል። ይህ ግንኙነት በዚያን ዘመን በተወለደ ሰው ሁሉ የልደት ሰንጠረዥ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ስለ ማንም ለብቻው የሚናገረው ነገር የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለትም መስከረም 9 ቀን 1965 በጎርጎርዮስ፣ የተወለደ ሰው ግን ፀሐይ ራሷ በሰንቡላ 16ኛ ዲግሪ ላይ ነበረችለት፤ ሦስቱ በአንድ ዲግሪ ያህል ርቀት ተሰባስበዋል። ኮከብ ቆጣሪው የትውልዱ ምልክት ይህን ሰው «ነክቶታል» ይላል። መስከረም 15 ቀን 1958 ዓ.ም. የተወለደው ታናሹ ግን ፀሐዩ ወደ ሚዛን ገብታ ከሁለቱ 15 ዲግሪ ያህል ርቃለች። በፀሐይ በኩል አልተነካም። በሁለቱ ልደቶች መካከል ያለው ጊዜ 16 ቀን ብቻ ነው።

በጨረቃና በአድማሱ ነጥብ በኩል ለመፍረድ የልደት ሰዓት የግድ ያስፈልጋል። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ የአድማሱ ነጥብ ግን በአራት ደቂቃ ገደማ አንድ ዲግሪ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ልዩ ወጥመድ አለብን። «ከጧቱ ሁለት ሰዓት» የተባለ ልደት 8፡00 ተብሎ ካልተመዘገበ፣ ሰማዩ ሩብ ዙር ያህል ይዛነፋል፤ የአድማሱ ነጥብም ፈጽሞ ሌላ ኮከብ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ድካም «መንካት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ከአንድነት በተጨማሪ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ዲግሪ ርቀቶችም እንደ መንካት ይቆጠራሉ፤ ሁለቱን ጎን ስንይዝ ስምንት ቦታዎች ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ ብንፈቅድ፣ ከ360ው ዲግሪ 48ቱ «የተነኩ» ይሆናሉ። 8 ዲግሪ ብንፈቅድ ግን 128ቱ፣ ማለትም ከሲሶ በላይ። ይህ ለአንድ ውጫዊ ፕላኔትና ለአንድ ፈጣን ነጥብ ነው። በሦስት ፕላኔቶችና በሰባት ነጥቦች ሲታሰብ፣ በሰፊው ልክ ያልተነካ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ስሙ ቀርቶ ትርጉሙ ይጠፋል።

በዕድሜ ላይም ይኸው መለያ ይሠራል። ዩራኑስ የዙሩን እኩሌታ የሚያደርሰው ሰው 42 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ይህ የእኩዮች ሁሉ ድርሻ ነው። የግል የሚባለው በዚያው ወራት የአንዱን ፀሐይ ወይም ጨረቃ ሲነካ ብቻ ነው።

ፕላኔቶች ዕጣን ይወስናሉ የሚለውን ሳይንስ አላረጋገጠውም፤ የታሪክ ተመራማሪም ሥራው ደንቡ ከየት እንደመጣና የት ላይ እንደሚላላ ማሳየት ነው። ስለዚህ «ፕሉቶህ በሰንቡላ ነው» የሚል ትንታኔ ሲቀርብልን የምንጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ የትኛውን የግል ነጥብ፣ በስንት ዲግሪ ርቀት፣ በየትኛው የልደት ሰዓት ነካ? መልስ ከሌለው፣ የተነገረን የእኩዮቻችን ሁሉ ታሪክ እንጂ የእኛ ታሪክ አይደለም።