በአንድ ጥያቄ ውስጥ ያሉ ሁለት ባሮች፦ የስህተት መስመርን በዓይን የመዳኘት ደንብ የሚከሽፍበት ቦታ

ጄፍ ከሚንግና ሱ ፊንች እ.ኤ.አ. በ2005 «አሜሪካን ሳይኮሎጂስት» በተባለው መጽሔት ያቀረቡት ደንብ ዛሬም በሰፊው ይጠቀሳል። ሁለት የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሎች ቢደራረቡም፣ መደራረቡ ከአማካይ የስህተት ህዳጋቸው ግማሽ ካልበለጠ ልዩነቱን በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ መተው አይቻልም ይላል። «መስመሮቹ ከተነካኩ ልዩነት የለም» የሚለውን የቆየ ስህተት ማረሙ ተገቢ ነው፤ ሼንከርና ጀንትልማንም በ2001 ይህንኑ አሳይተዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ደንቡ ወደ መጠይቅ ውጤቶች ባር ግራፍ ሲሻገር በሚሆነው ላይ ነው።

ደንቡ የተሠራው ለሁለት የተለያዩ ናሙናዎች ነው። ደራሲዎቹ ተመሳሳይ ሰዎች ደጋግመው በሚለኩበት ጥናት እንዳይሠራ አስጠንቅቀዋል። በዚያ ሁኔታ ግን ሁለቱ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ አብረው ከፍ ዝቅ ስለሚሉ፣ ደንቡን የተጠቀመ ሰው የሚሳሳተው ያለውን ልዩነት ባለማየት ነው። መላሹ ከአማራጮች አንዱን ብቻ የሚመርጥበት መጠይቅ አደጋው የተገላቢጦሽ ነው፤ የሌለ ልዩነት ያሳያል። ይህ ጉዳይ ከእነርሱ 22 ዓመት ቀድሞ ተፈትቷል። አላስተር ስኮትና ጆርጅ ሲበር በ1983 «ዘ አሜሪካን ስታቲስቲሺያን» ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ከአንድ መጠይቅ የሚወጡ ድርሻዎችን ልዩነት እንደየሁኔታው ለይተው አስልተዋል። ግራፍ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ሲጠቅሱት አይታይም።

በምሳሌ እንየው። በአዲስ አበባ በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች «በብዛት የሚጠቀሙት ትራንስፖርት የትኛው ነው?» ተብለው ተጠየቁ እንበል። 47 በመቶው ሚኒባስ ታክሲ፣ 39 በመቶው አውቶቡስ፣ ቀሪው 14 በመቶ ሌላ አለ። የታክሲው ድርሻ 0.47 ተብሎ በB2፣ የአውቶቡሱ 0.39 ተብሎ በB3 ቢቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ባር የሚሰላው የስህተት ህዳግ ይህ ነው፦

```
=1.96*SQRT(B2*(1-B2)/400)
```

ለታክሲ 4.9፣ ለአውቶቡስ 4.8 ነጥብ ይወጣል። ይህን ቁጥር በኤክሴል ማስገባት የሚቻለው በ`Error Bars` ሥር `Custom` ከዚያም `Specify Value` በሚለው ብቻ ነው። እዚያው ያለው `Standard Error` የሚያሰላው ከባሮቹ ቁመት ስለሆነ 400 ሰው ይጠየቅ 4,000 አያውቅም፤ ለሁሉም ባር አንድ ዓይነት መስመር ያወጣል። ስለዚህ በግራፉ ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ እኩል ከሆኑ በቅድሚያ ይህን መጠርጠር ይገባል።

አሁን ግራፉን እናንብብ። የታክሲው ክልል ከ42.1 ይጀምራል፣ የአውቶቡሱ 43.8 ላይ ያበቃል። መደራረቡ 1.7 ነጥብ ነው፤ የአማካይ ህዳጉ ግማሽ ደግሞ 2.4። በደንቡ መሠረት ታክሲ በእርግጥ ይመራል። ነገር ግን ታክሲ ያለ ሰው አውቶቡስ ማለት አይችልም። ዕጣው የታክሲ ተጠቃሚዎችን ካበዛ አውቶቡሱን በዚያው ያሳንሳል፣ ሁለቱ ስህተቶችም ልዩነቱ ላይ ይደመራሉ። የልዩነቱ ህዳግ የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
=1.96*SQRT((B2+B3-(B2-B3)^2)/400)
```

ውጤቱ 9.05 ነጥብ ነው። ናሙናዎቹ የተለያዩ ቢሆኑ 6.8 ነበር። የ8 ነጥቡ ልዩነት ክልል እንግዲህ ከ−1 እስከ 17 ይዘረጋል፤ ዜሮን ያቅፋል። በዓይን የተፈረደው መሪነት አልጸናም።

ናሙናው ሲበዛ ችግሩ ይጠፋል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። አይጠፋም፤ ናሙናው ሲያድግ ሁለቱም ህዳጎች እኩል ይጠባሉ፣ በመካከላቸው ያለው ምጥጥን ግን እንዳለ ይቆያል። ለልዩነቱ ተጨማሪ መስመር ቢሳል ግራፉን ያጨናንቃል የሚሉም አሉ። መፍትሔው ከባሮቹ ጎን ልዩነቱን በአንድ ነጥብ፣ ክልሉን በአንድ መስመር፣ ዜሮን በቀጭን ሰረዝ ማሳየት ነው። አንባቢ የሚጠይቀው ማን እንደመራ ከሆነ ሊያየው የሚገባው ይህን ነው።

እስካሁን ያሰላነው ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደተመረጡ ቆጥረን ነው። ትልልቅ የቤተሰብ ጥናቶች ግን በቅድሚያ የቆጠራ ቦታዎችን፣ ከዚያም በውስጣቸው ቤቶችን ይመርጣሉ፤ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ 400 መልስ የ400ን ያህል መረጃ አይሰጥም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርቶች በዚህ ረገድ አርአያ ናቸው፦ በአባሪያቸው የናሙና ስህተት ሠንጠረዥ ውስጥ DEFT በሚል ዓምድ ሥር መደበኛ ስህተቱ በስንት እጥፍ እንዳደገ ይታተማል። በምሳሌያችን ይህ ቁጥር 1.5 ቢሆን የልዩነቱ ህዳግ 13.6 ነጥብ ይደርሳል። ለአንድ ድርሻ የታተመው ብዜት ለሁለት ድርሻዎች ልዩነት በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዓምዱን ሳያዩ 1 ነው ብሎ መነሳት ከዚያ የባሰ ግምት ነው።