የሌሉበትን ቤት ሂሳብ ማንበብ፦ የቤት አስተዳዳሪ ወርኃዊ ሪፖርት ምን መያዝ አለበት?

በከተማ ቤት ሠርቶ ኑሮውን በገጠር ያደረገ አርሶ አደር፣ ወይም ንብረቱን ለዘመድ አስረክቦ ውጭ ሀገር የሚኖር ሰው፣ ቤቱን የሚያየው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ያንን ሰው ሕጉ ወኪል ይለዋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 ንብረትን መጠበቅን፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትንና ዕዳ መሰብሰብን ከአስተዳደር ሥራ ይቆጥራል፤ ወኪሉም ስለ ሥራው ለወካዩ ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ሂሳቡ የሚቀርበው «በዚህ ወር ይህን ያህል ብር ገብቷል» በሚል አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ባለቤቱን ሊያሳስት ይችላል።

ለምሳሌ ባሕር ዳር ላይ ስድስት የመኖሪያ ክፍሎችና ሁለት ሱቆች ያሉትን አንድ ግቢ እንውሰድ። የአንድ ክፍል ኪራይ በወር 4 ሺህ ብር፣ የአንድ ሱቅ 9 ሺህ ብር ይሁን። ሁሉም ተከራይቶ ሁሉም ቢከፍል 42 ሺህ ብር ይገባል። ወኪሉ የጥር ወር ገቢ 37 ሺህ ብር መሆኑን ቢያስታውቅ፣ ባለቤቱ የጎደለው 5 ሺህ ብር ብቻ ነው ብሎ ያስባል።

ዝርዝሩ ሲታይ ግን ሌላ ነው። በጥር አንድ ክፍል ባዶ ነበር፤ አንዱ ባለ ሱቅም አልከፈለም። ስለዚህ ከጥር ኪራይ የተሰበሰበው 29 ሺህ ብር ብቻ ነው። ቀሪው 8 ሺህ ብር ከሁለት ቦታ መጣ፦ አንዱ ተከራይ የታኅሣሥን ውዝፍ 4 ሺህ ብር ከፈለ፣ ሌላው የየካቲትን 4 ሺህ ብር አስቀድሞ ሰጠ። የጥር ጉድለት 5 ሺህ ሳይሆን 13 ሺህ ብር ነበር ማለት ነው። ቅድሚያ ክፍያ እንዲህ ባለ መንገድ የጎደለውን ይሸፍናል፤ ጉድለቱም የሚታየው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በሚቀጥለው ወር ነው። ለዚህም ነው ሪፖርቱ የወሩን ኪራይ፣ የተሰበሰበውን ውዝፍና ቅድሚያ ክፍያውን ለየብቻ መጻፍ ያለበት። በነገራችን ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም ስለታዘዘ፣ ሪፖርቱን ከባንክ መግለጫው ጋር ማመሳከር ቀላል ነው።

ውዝፍ በድምር ብቻ አይጻፍም። በዚህ ግቢ የታኅሣሥ መጨረሻ ውዝፍ 13 ሺህ ብር ነበር፤ 9 ሺው የባለ ሱቁ፣ 4 ሺው የተከራዩ። 4 ሺህ ተከፍሎ የሱቁ የጥር 9 ሺህ ሲጨመር 18 ሺህ ብር ሆነ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ያለ የሁለት ወር ዕዳ ነው። አራት ተከራዮች በጥቂቱ የዘገዩበት 18 ሺህ ብር እና አንድ ሰው የቆመበት 18 ሺህ ብር የሚጠይቁት እርምጃ ይለያያል፤ ለሁለተኛው ወዲያውኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ስለዚህ የተከራዩ ስም፣ ያልተከፈለው ወር እና ወኪሉ ምን እንዳደረገ ይጻፍ።

ባዶ ክፍል ሲኖር ተከራዩ የወጣበት ቀን፣ የወጣበት ምክንያት እና አሁን የሚጠየቀው ኪራይ ይገለጻል። ባለቤቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠራጠረው ይህንኑ ክፍል ነው፤ አንዳንዴም ጥርጣሬው ልክ ይሆናል። ክፍሉ የራሱ የመብራት ቆጣሪ ካለው ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ወኪሉ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሥቶ ይላክ። ባዶ በተባለ ክፍል ቆጣሪው በግልጽ ከቆጠረ አንድ ሰው እየኖረበት ነው፣ አለዚያም መስመሩ ወደ ሌላ ክፍል ተቀጥሏል።

ጥገና ላይ አለመግባባት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ይልቅ በጉልበት ዋጋ ነው። በጥር ለውኃ ቧንቧና መዝጊያ 2 ሺህ 800፣ ለቆርቆሮ 2 ሺህ፣ ለሠራተኛ 1 ሺህ 700፣ በድምሩ 6 ሺህ 500 ብር ወጣ። ለዕቃው ደረሰኝ አለ፤ የቀን ሠራተኛ ግን ደረሰኝ አይሰጥምና ስሙ፣ ስልኩና ፊርማው ያለበት ወረቀት ይያዝ፤ የሥራው የቀድሞና የኋላ ፎቶም ይታከል። ወኪሉ ሳያስፈቅድ ሊያወጣ የሚችለው የገንዘብ መጠን አስቀድሞ በውል ቢወሰን ይሻላል። ቧንቧ ፈንድቶ ግቢው ሲጥለቀለቅ ባለቤቱን በስልክ ማፈላለግ ጉዳቱን ያብሳል።

የወኪሉ ድርሻ ከተሰበሰበው ኪራይ አሥር በመቶ ነው ብንል፣ ስሌቱ በ37 ሺህ ሳይሆን በ33 ሺህ ብር ላይ ይሠራል፤ የየካቲቱ 4 ሺህ ድርሻ የሚታሰበው በየካቲት ነውና። ስለዚህ ድርሻው 3 ሺህ 300 ብር ይሆናል። ከ37 ሺህ ላይ ጥገናውና ድርሻው ሲቀነስ ለባለቤቱ 27 ሺህ 200 ብር ይላካል። የየካቲት ሪፖርት በ18 ሺህ ብር ውዝፍና በ4 ሺህ ብር ቅድሚያ ክፍያ መጀመር አለበት፤ ሁለቱ ቁጥሮች በመጀመሪያው መስመር ላይ ካልተገኙ የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ የት እንደገቡ ይሆናል።