አረንጓዴው ረሃብ እና የመስከረም ግጥም

በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወደ ዱራሜ የወጣ መንገደኛ በመኪናው መስኮት ያየው ልምላሜ ነበር። የሐምበሪቾ ተዳፋት አረንጓዴ፣ ሜዳው ሣር የለበሰ፣ በየጎጆው ጓሮ የእንሰት ቅጠል የተንዠረገገ። በዚያው ሰሞን በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ የተጎዱ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ እየታዘሉ ወደ ምገባ ጣቢያ ይመጡ ነበር። ጋዜጠኞች ነገሩን «አረንጓዴ ረሃብ» አሉት።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። በዚህ አካባቢ የእህሉን ክፍተት የሚደፍነው ስኳር ድንች ነው። የደረሰው ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ እየተቆፈረ የበልጉ ሰብል እስኪደርስ ቤተሰቡን ያሻግራል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲጠፋ ስኳር ድንቹ ተበላሸ፤ በበልግ ሊዘራ የነበረውም ዘገየ። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ሣሩ በሳምንታት ውስጥ አረነጓዴ ሆነ። ሣር ለመብቀል ጥቂት ቀን ይበቃዋል፤ በቆሎ ግን ወራት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው ሰው የሚራብበት። በዚያ ላይ የእህል ዋጋ በመላ አገሪቱ የናረበት ዓመት ነበር፤ ገበያም መሸሻ አልሆነም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ግጥም ልናገር ብዬ ነው። በአማርኛ ግጥም ወቅት ሁልጊዜ ከወቅት በላይ ነው። ክረምት ጭንቅ ነው፣ ጉም የተሸፈነ እውነት ነው፣ መስከረም ደግሞ ለውጥ ነው። ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት የወረሰ ባህል ገዥን በስሙ ሳይጠራ «ይህ ክረምት በዛ» ማለት ይችላል፤ ሳንሱሩ ዝናብን ሊከለክል አይችልም፣ አድማጩ ግን ይገባዋል። ይህ ዘዴ ብዙ ገጣሚ አትርፏል፤ አላቃልለውም።

ዘዴው ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ የዘመን አቆጣጠሩ የአንድ አካባቢ ገበሬ መሆኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ባዶ የሚሆንባቸው፣ ከመስከረም በኋላ እሸት የሚቀመስበት የደጋው እህል አምራች አቆጣጠር ነው። የከምባታ ክፉ ወር ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ፣ ምድሩ ሲለመልም ይመጣል። እዚህ «ለምለም» የሚለው ቃል የጥጋብ ምልክት ሆኖ ብቻ አይሰማም። የገብረክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» ዱራሜ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው የናፍቆቱን ውበት አይክድም፤ ልምላሜው ላይ ሲደርስ ግን ለአፍታ ቆም ይላል።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው፤ ወቅት ባለቤት የለውም። ማንም ሊበደረው ይችላል፣ መንግሥትም ጭምር። በ1966 የጸጋዬ ገብረመድኅን «እሳት ወይ አበባ» ሲታተም፣ ርዕሱ ብቻ አገሪቱ የቆመችበትን መንታ መንገድ ይናገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በአደይ አበባ ሰሞን። ለአዲሱ ሥርዓት ከዚህ የተመቸ ምሳሌ ከየት ይገኛል? ክረምቱ አለፈ፣ ብርሃን ሆነ፣ «ያለ ምንም ደም» ተባለ። አደዩ ረግፎ ኅዳር 14 ሲደርስ ስልሳዎቹ ተረሸኑ።

መስከረም ግን የአብዮቱ በዓል ሆኖ ቀጠለ። አሥረኛው ዓመት በ1977 መስከረም ሲከበር አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በቅስት ደምቃ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም በዚያው ሰሞን ተመሥርቶ ነበር። ኮረም ላይ በዚያው ጊዜ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ዓለም ያንን ምስል ያየው በጥቅምት ነው፤ አደይ አበባ ሳይረግፍ። ቀደም ሲል ገዥን ለመውቀስ ያገለግል የነበረው የመስከረም ምሳሌ፣ አሁን ገዥው በዓሉን የሚያስጌጥበት ሆነ። ምሳሌው አልተለወጠም፤ ያዢው እንጂ።

እኔ እንደሚመስለኝ ሊሰረቅ የማይችለው የተፈጥሮ ግጥም ዝርዝር የሚያውቀው ነው። እንሰትን እንውሰድ። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደህና ቤት ጓሮው ላይ የልጅም የአዋቂም ተክል አለው፣ ረድፍ በረድፍ፣ ቁመቱ ከፍ ዝቅ እያለ። የተራበ ቤት ትልልቆቹን ቆርጦ ይጨርስና ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል፤ ያለ ጊዜው የተቆረጠው ደግሞ ቆጮው ጥቂት ነው። ከመንገድ ሲታይ ሁለቱም ጓሮ አረንጓዴ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ጠጋ ብሎ ቁመቱን የሚያይ ነው፦ ሁሉም ተክል ከጉልበት እስከ ወገብ ብቻ ከሆነ፣ የሚመጡት ዓመታት አስቀድመው ተበልተዋል ማለት ነው።

ይህን ስንኝ የትኛው ካድሬ ለበዓል ያነበዋል? ሪፖርቱ «የልማት ቀጣና» ብሎ የሚጠራውን ጓሮ ገጣሚው በቁመት ይለካዋል። የእንሰቱን ቁመት ያየ አንባቢ ቀጥሎ የሚጠይቀው መሬቱ ለስንት ወንድም እንደተከፈለ፣ የማዳበሪያው ዕዳ መቼ እንደሚከፈል፣ ጎረምሳው ለምን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ነው።