የዓቢይ ጾም ማዕድና የሯጭ የፕሮቲን ፍላጎት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዓቢይ ጾም 55 ቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢያንስ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምሱ መዋልም ይታዘዛል። ሥልጠናውን ሳያቋርጥ ለሚጾም ሯጭ ይበልጥ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ምስርና ሽምብራ፣ ባቄላና አተር የሚቀርብበት ማዕድ በራሱ ፕሮቲን የጎደለው አይደለምና፣ የሚያጥረው በቂውን መጠን ለመብላት የቀረው ጊዜ ነው።

በመደበኛነት ለሚሠለጥን ሰው የሚመከረው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። የዕፀዋት ፕሮቲን ከእንስሳቱ ይልቅ በመጠኑ ያነሰ ስለሚፈጭ፣ በጾም ወቅት ከዝቅተኛው ወሰን ከፍ ብሎ 1.6 ግራም አካባቢ ማቀድ ይበጃል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በቀን 96 ግራም ያስፈልገዋል። ጤፍና ገብስ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን መገንቢያ አሲድ ሲያንሳቸው ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን የተባለው ያንሰዋል፤ እንጀራን በወጥ መብላት ይህን ጉድለት በሁለቱም በኩል ስለሚሞላ፣ ዋናው ጥያቄ የዓይነት ሳይሆን የመጠን ሆኖ ይቀራል።

መጠኑን በሳህን መገመት ግን ያሳስታል። ሽሮ ብዙ ውኃ የሚጠጣ ምግብ በመሆኑ አንድ ሳህን ሙሉ ሽሮ ወጥ የተሠራው ከ40 ግራም ዱቄት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚሰጠው ፕሮቲን ከ9 ግራም እምብዛም አይበልጥም። በልቶ የጠገበ ጿሚ የሚያስፈልገውን ያገኘ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥራጥሬው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በደረቁ ሊመዘን ይገባል።

ከላይ የተጠቀሰው ሯጭ ቀኑን እንዲህ ሊያቅደው ይችላል። በ9 ሰዓት በ60 ግራም በሶ ላይ 40 ግራም በደንብ የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ጨምሮ በጥብጦ ቢጠጣ፣ ውኃውንም እየተካ 21 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል፤ አኩሪ አተሩ በደንብ መቆላት የሚኖርበት በጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። በ11 ሰዓት ተኩል 300 ግራም እንጀራ ከ80 ግራም ደረቅ ምስር በተሠራ ወጥ ቢበላ 32 ግራም ያህል ይጨምራል። 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10 ግራም ይሰጠዋል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ 250 ግራም እንጀራ ከ60 ግራም ዱቄት በተሠራ ሽሮ፣ ከዚያም 40 ግራም ለውዝ ቢያስከትል 33 ግራም አግኝቶ 96ን ይሞላል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመብላት መሞከር ሆድን ይነፋል፣ ቀጣዩንም ምግብ ያስተዋል፤ ጥራጥሬውን አጥልቆ ማሳደርና ውኃውን መድፋት ችግሩን ያቀለዋል።

ሥልጠናውም ከማዕዱ ሰዓት ጋር መጣጣም አለበት። ጡንቻ ከሥራ በኋላ ለፕሮቲን ያለው ተቀባይነት ለሰዓታት፣ እስከ አንድ ቀንም ድረስ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ የንጋት ሩጫ ከንቱ አይሆንም፤ ሆኖም ከንጋት ከባድ ልምምድ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት አድካሚም አደገኛም ነው። ስለዚህ ንጋቱ ለቀላል ሩጫ፣ ከባዱ ልምምድ ደግሞ ከመጀመሪያው ምግብ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በአመሻሹ ቀዝቀዝ ባለ አየር ቢሆን ይመረጣል። ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሰዓት ስለማይጾም፣ በዓቢይ ጾም ውስጥ 14 እንዲህ ያሉ ቀናት ይገኛሉ፤ የሳምንቱ ረጅም ሩጫ በቅዳሜ ጠዋት ላይ ቢያርፍ ዘግይቶ የሚበላ አይኖርም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው የበዓለ ሃምሳ ቀናት ደግሞ ጡንቻን ለማሳደግ ለሚደረግ ከባድ የክብደት ልምምድ ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው።

ዕቅዱ እንደሠራ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ይሁንና በጾም ሰዓት መመዘን የውኃ ጥማትን ከጡንቻ መቀነስ ጋር ስለሚያደባልቅ፣ መመዘኛው ውኃ በበቂ ከተጠጣበት ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ክብደቱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት በየሳምንቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ከቀነሰ፣ በተለመደው ፍጥነት መሮጥም ካቃተ፣ ምግቡ አልበቃም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎድለው ፕሮቲን ሳይሆን ጠቅላላው ኃይል ሰጪ ምግብ በመሆኑ፣ መጀመሪያ እንጀራና ዘይት መጨመር ይገባል።

ፕሮቲን ለማሳደግ ሲባል ሊነካ የማይገባው ጥራጥሬ ጓያ ነው። ርካሽና በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም፣ ለጥቂት ወራት የዘወትር ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ጎድቶ እግርን የማይድን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ ማጥለቅና መቀቀልም መርዙን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሶ አያጠፉትም። ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ከምን እንደተዘጋጀ በዓይን ስለማይለይ፣ በየቀኑ 60 ግራም የሚመገበው ሯጭ ሽምብራውን ወይም አተሩን በእህልነቱ ገዝቶ ራሱ ሊያስፈጭ ይገባዋል።